የሐሩር ክልል ግግር በረዶ መመናመንና የወንዞች ፍሰት

የሐሩር ክልል ግግር በረዶ ከምድር ወገብ በስተሰሜንና በስተደቡብ ባለው ሞቃት የምድር ክፍል፣ በከፍተኛ ተራሮች አናት ላይ ብቻ የሚገኝና ከዓመት ዓመት ሳይጠፋ የሚቆይ የበረዶ ክምችት ነው። ከዚህ ዓይነቱ በረዶ 99 በመቶ ያህሉ በደቡብ አሜሪካ በአንዲስ ተራሮች ላይ ሲሆን፣ ከዚያም ውስጥ ትልቁ ድርሻ የፔሩ ነው። ጥቂቱ ደግሞ በምሥራቅ አፍሪካ በኪሊማንጃሮ፣ በኬንያ ተራራና በሩዌንዞሪ ላይ ይገኛል። በረዶው ባለፉት አሥርት ዓመታት በፍጥነት እየተመናመነ ነው። ይህ ለወንዞች ያለው ትርጉም ግን ብዙ ጊዜ እንደሚታሰበው «በረዶው ሲያልቅ ወንዙም ይደርቃል» የሚል ቀላል ነገር አይደለም። የሚመናመን ግግር በረዶ መጀመሪያ የወንዙን ውሃ ይጨምራል፤ በኋላ ይቀንሳል። ጉዳቱም በዓመቱ ጠቅላላ ውሃ ላይ ሳይሆን በዋናነት ዝናብ በማይዘንብባቸው ወራት፣ ለበረዶው ቅርብ በሆኑ ሸለቆዎች ውስጥ ይታያል። ይህ ጽሑፍ ሂደቱን በይበልጥ የሚያብራራው በደንብ በተጠናው በፔሩ የሳንታ ወንዝ ምሳሌ ነው።

## በረዶው እንደ ጎተራ

በሐሩር ክልል የዓመቱ ወቅቶች የሚለዩት በሙቀትና በቅዝቃዜ ሳይሆን በዝናብና በድርቀት ነው። በቀንና በሌሊት መካከል ያለው የሙቀት ልዩነት በወራት መካከል ካለው ልዩነት ይበልጣል። ስለዚህ በአውሮፓ ተራሮች እንደሚሆነው በረዶው በክረምት ብቻ ተከማችቶ በበጋ ብቻ አይቀልጥም። የግግር በረዶው የላይኛው ክፍል በዝናቡ ወቅት አዲስ አመዳይ ሲቀበል፣ ዝቅ ብሎ የሚገኘው ጫፉ ዓመቱን ሙሉ ይቀልጣል።

ለወንዙ የሚጠቅመው ይህ ዓመቱን ሙሉ የሚቀጥል መቅለጥ ነው። በዝናቡ ወራት ወንዙ ያለ በረዶውም እርዳታ ይሞላል። በደረቁ ወራት ግን ሰማዩ ባዶ ሲሆን፣ ካለፈው ዝናብ በበረዶ መልክ የተቀመጠው ውሃ ጥቂት በጥቂት ይለቀቃል። በዚህ ረገድ ግግር በረዶ ከጎተራ ጋር ይመሳሰላል። ጎተራ እህል አያመርትም፤ በመከር የገባውን እህል እስከ ችግሩ ወራት ያቆያል። እንዲሁም ግግር በረዶ ከሰማይ የማይመጣ ውሃ አይፈጥርም፤ የሚለውጠው ውሃው የሚደርስበትን ጊዜ ነው። አንዱ ዓመት ዝናብ ሲያጥርበትም በረዶው ከቀደሙት ዓመታት ክምችት ይሞላል፤ በዚህ የተነሳ በረዶ ያለበት ወንዝ ከዓመት ዓመት ብዙም አይዋዥቅም።

ሆኖም በደረቁ ወቅት የሚጠፋው በረዶ ሁሉ ወደ ወንዝ አይገባም። አየሩ በጣም ደረቅ ሲሆን የበረዶው የተወሰነ ክፍል ሳይቀልጥ በቀጥታ ወደ ተን ይለወጣል። አንድ ኪሎ ግራም በረዶን እንዲህ ወደ ተን ለመለወጥ፣ ያንኑ በረዶ ለማቅለጥ ከሚያስፈልገው ሙቀት ስምንት እጥፍ በላይ ያስፈልጋል። ስለዚህ ደረቅ አየር ብዙውን የፀሐይ ጉልበት በትነት ላይ ስለሚያውለው የመቅለጡን ፍጥነት ይቀንሰዋል። አየሩ እርጥበት ሲያገኝ ግን ያው ጉልበት ብዙ በረዶ ያቀልጣል። ከተራራው ስር ያለው ወንዝ ምን ያህል ውሃ እንደሚያገኝ ለማወቅ የአየሩን ሙቀት ብቻ መለካት የማይበቃው በዚህ ምክንያት ነው።

## የፍሰት ጣሪያ

ግግር በረዶ በየዓመቱ የሚቀበለው አመዳይና የሚያጣው በረዶ እኩል ከሆኑ ስፋቱ አይለወጥም። የአየሩ ሙቀት ሲጨምር ይህ ሚዛን ይዛባል። የሚከተለው ስሌት ለማብራሪያ የቀረበ እንጂ የአንድ የተወሰነ ተራራ ልኬት አይደለም፤ በትነትም ለቀላልነት ሲባል አልተቆጠረም።

10 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው ግግር በረዶ በዓመት በአማካይ 1 ሜትር ውፍረት ያለው ውሃ የሚሆን በረዶ ቢቀልጥ፣ ወንዙ ከእሱ 10 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ያገኛል። ይህ በዓመቱ ሲካፈል በሰከንድ 317 ሊትር ያህል ነው። የሚጨመረው አመዳይም በአማካይ 1 ሜትር ውሃ ከሆነ ሚዛኑ የተጠበቀ ነው። አየሩ ሞቆ መቅለጡ ወደ 1.5 ሜትር ቢያድግ ግን ወንዙ 15 ሚሊዮን ሜትር ኩብ፣ ማለትም በሰከንድ 476 ሊትር ያህል ያገኛል። ከታች ላለ ገበሬ ይህ መልካም ዘመን ይመስላል። ነገር ግን ከ15 ሚሊዮኑ 5 ሚሊዮኑ የዓመቱ ዝናብ ሳይሆን ለረጅም ዘመን ተከማችቶ የቆየ በረዶ ነው። ጎተራው ከሚሞላበት ፍጥነት በላይ እየተራቆተ ነው ማለት ነው።

ከዓመታት በኋላ የበረዶው ስፋት ወደ 5 ካሬ ኪሎ ሜትር ወርዷል እንበል። ሙቀቱ ስለጨመረ እያንዳንዱ ካሬ ሜትር አሁን 1.8 ሜትር ይቀልጣል፤ ከበፊቱ ሁሉ የበለጠ ነው። ይሁን እንጂ የሚቀልጠው ገጽ በግማሽ ስለቀነሰ ወንዙ የሚያገኘው 9 ሚሊዮን ሜትር ኩብ፣ በሰከንድ 285 ሊትር ያህል ብቻ ነው። መቅለጡ እየበረታ ሳለ ውሃው ግን ከመጀመሪያውም በታች ወረደ። ፍሰቱ ከፍተኛ መጠን ላይ ደርሶ ወደ መቀነስ የሚዞርበት ይህ ነጥብ እዚህ የፍሰት ጣሪያ ተብሎ ይጠራል።

በረዶው በለቀቀው 5 ካሬ ኪሎ ሜትር መሬት ላይ ዝናብና አመዳይ መውረዱን አያቆምም። ያ ውሃ ግን ተይዞ ስለማይቆይ ወዲያውኑ በዝናቡ ወራት ወርዶ ያልፋል። ስለዚህ በረዶው ፈጽሞ ካለቀ በኋላም የዓመቱ ጠቅላላ ፍሰት በአብዛኛው ከዝናቡ መጠን ጋር ይቀራረባል። የሚጠፋው ሁለት ነገር ነው፦ ከአሮጌው በረዶ ይመጣ የነበረው ትርፍ፣ እና በደረቁ ወራት ይለቀቅ የነበረው ውሃ።

## የሳንታ ወንዝ

ኮርዲዬራ ብላንካ፣ በስፓኝኛ «ነጩ የተራራ ሰንሰለት»፣ በሰሜን ማዕከላዊ ፔሩ የሚገኝ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ተራራማ አካባቢ ነው። ከፍተኛው ጫፉ ዋስካራን ሲሆን 6,768 ሜትር ይደርሳል። በሐሩር ክልል ካሉት ግግር በረዶዎች እጅግ ሰፊው ክምችት እዚህ ነው። በ1970 (እ.ኤ.አ.) ዙሪያ በረዶው 720 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ይሸፍን ነበር፤ በ21ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ዓመታት ወደ 530 ካሬ ኪሎ ሜትር ግድም ወርዷል፤ ከዚያም ወዲህ መቀነሱን ቀጥሏል።

የሳንታ ወንዝ ከ4,000 ሜትር በላይ ከሚገኘው ከኮኖኮቻ ሐይቅ ተነሥቶ ወደ ሰሜን ይፈስሳል። በስተቀኙ ኮርዲዬራ ብላንካ፣ በስተግራው ደግሞ ግግር በረዶ የሌለው ኮርዲዬራ ኔግራ ወይም «ጥቁሩ ሰንሰለት» ይገኛሉ። በሁለቱ መካከል ያለው ረጅም ሸለቆ ካዬሆን ዴ ዋይላስ ይባላል፤ የዋራዝ ከተማም በዚሁ ሸለቆ ውስጥ ናት። በደረቁ ወቅት ከጥቁሩ ሰንሰለት የሚወርዱት ጅረቶች በጣም ሲያንሱ፣ ከነጩ ሰንሰለት የሚመጡት ገባሮች ግን መፍሰሳቸውን አያቋርጡም። ወንዙ በመጨረሻ ካኞን ዴል ፓቶ በተባለው ጠባብ ገደል አልፎ ወደ ምዕራብ በመታጠፍ በበረሃማው የባሕር ዳርቻ በኩል ከሰላማዊ ውቅያኖስ ይገባል።

በአካባቢው ከዓመቱ ዝናብ አብዛኛው ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ባሉት ወራት ይወርዳል። ኢትዮጵያ ውስጥ ክረምት በሚሆንባቸው ወራት እዚያ ደረቁ ወቅት ነው። በባሕር ዳርቻው ላይ ደግሞ ዝናብ ዓመቱን ሙሉ የለም ማለት ይቻላል። ይሁንና በወንዙ ላይ የተመሠረተው ሥራ ሰፊ ነው። ከላይ በሸለቆው ውስጥ አነስተኛ ገበሬዎች በመስኖ ድንችና በቆሎ ያለማሉ፤ ከብትም ያረባሉ። በካኞን ዴል ፓቶ የውሃ ኃይል ማመንጫ አለ። በታችኛው ክፍል ቻቪሞቺክ የተባለው የመስኖ ፕሮጀክት ከወንዙ ውሃ ጠልፎ ቻኦ፣ ቪሩ፣ ሞቼና ቺካማ ወደሚባሉት ሸለቆዎች ይወስዳል፤ ስሙም ከእነዚህ አራት ስሞች መነሻ ፊደላት የተውጣጣ ነው። በዚህ ውሃ በቀድሞ በረሃ ላይ ለውጭ ገበያ የሚሆን አስፓራገስና አቮካዶ ይመረታል፤ የትሩሂዮ ከተማም ከመጠጥ ውሃዋ ከፊሉን ከዚሁ ቦይ ታገኛለች።

በ2012 (እ.ኤ.አ.) በሚሼል ባራየር መሪነት የታተመ ጥናት በላይኛው የሳንታ ተፋሰስ የሚገኙ 9 የፍሰት መለኪያ ጣቢያዎችን የቆዩና አዳዲስ መዝገቦች መርምሯል። ተመራማሪዎቹ የዕለት ፍሰቶችን አዝማሚያ በረዶ ሲመናመን ይጠበቃል ከሚባለው ቅርጽ ጋር አነጻጽረው፣ ከ9ኙ ተፋሰሶች 7ቱ የፍሰት ጣሪያውን ሳያልፉ እንዳልቀሩና በደረቁ ወቅት ያላቸው ፍሰት እየቀነሰ መሆኑን ገልጸዋል። በረዶው ፈጽሞ ቢያልቅ የዓመቱ ፍሰት እንደየተፋሰሱ ከ2 እስከ 30 በመቶ እንደሚቀንስ ገምተዋል። የላይኛው ተፋሰስ ውሃ ሁሉ በሚያልፍበት በላ ባልሳ ጣቢያ ደግሞ የደረቁ ወቅት አማካይ ፍሰት እስከ 30 በመቶ ሊቀንስ ይችላል።

ከ2 እስከ 30 ያለው ሰፊ ልዩነት የመጣው ከስፋት ነው። ከተፋሰሱ ብዙው በበረዶ በተሸፈነበት ጠባብ ሸለቆ ጉዳቱ ትልቅ ነው። በረዶው ትንሽ ቦታ ብቻ በያዘበት ተፋሰስ ግን ዝናብና የከርሰ ምድር ውሃ ድርሻውን ስለሚይዙ ለውጡ እምብዛም አይታይም። በዚሁ ምክንያት ከበረዶው ስር ያለ መንደርና 150 ኪሎ ሜትር ርቆ የሚገኝ ከተማ አንድ ዓይነት ችግር አይገጥማቸውም።

## ለውጡ እንዴት ይታወቃል

የወንዝ ፍሰት መቀነሱ ብቻውን የበረዶ መመናመን ማስረጃ አይሆንም። ዝናብ አንሶ፣ ወይም ከላይ ያሉ መስኖዎች ብዙ ውሃ ወስደው ሊሆን ይችላል። በሳንታ ተፋሰስም የመስኖና የከተማ ፍጆታ እያደገ በመምጣቱ ሁለቱን መለየት ቀላል አይደለም። ስለዚህ ተመራማሪዎች በርካታ ምልክቶችን አንድ ላይ ያያሉ።

የመጀመሪያው በበረዶው ላይ የሚደረገው ቀጥተኛ ልኬት ነው። ረዣዥም እንጨቶች በበረዶው ውስጥ በጥልቀት ይተከላሉ፤ በረዶው ሲቀንስ ከገጹ በላይ የሚታየው የእንጨቱ ርዝመት ይጨምራል፤ ልዩነቱም ይመዘገባል። ሁለተኛው የውሃው ኬሚካላዊ ጠባይ ነው። ከበረዶ የቀለጠ ውሃ፣ ከመሬት ውስጥ የወጣ ውሃና ዝናብ በውስጣቸው ባለው ማዕድንና በኦክስጅንና በሃይድሮጅን አይሶቶፖቻቸው ይለያያሉ። ከገባሮች በየቦታው ናሙና በመውሰድ ከእያንዳንዱ ምንጭ ምን ያህል እንደመጣ መገመት ይቻላል። ሦስተኛው የፍሰቱ መዋዠቅ ነው። በረዶው ሲያንስ የደረቁ ወቅት ፍሰት ከመቀነሱ በተጨማሪ ከዓመት ዓመት ያለው ልዩነት ይሰፋል፤ አንዱን ዓመት በሌላው የሚያካክሰው ክምችት ስለሌለ ወንዙ የዝናቡን ጠባይ ይወርሳል።

እነዚህ ጥናቶች ያሳዩት ሌላው ነገር የከርሰ ምድር ውሃን ሚና ነው። በኮርዲዬራ ብላንካ ከበረዶው በታች ያሉት ሜዳማ ሸለቆዎች በድንጋይ ክምር፣ በአሸዋና በረግረግ የተሞሉ ናቸው። እነዚህ የዝናቡን ውሃ መጠው በደረቁ ወራት ቀስ ብለው ስለሚለቁ፣ ከወንዙ የበጋ ውሃ ትልቅ ክፍል የሚመጣው ከእነሱ ነው። በረዶው ቢጠፋ ወንዙ ፈጽሞ የማይደርቅበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ረግረጎቹ በግጦሽ ሲረገጡ ወይም ሲቆፈሩ ግን ይህ ሁለተኛ ጎተራም ይሳሳል።

## የውሃው ጥራት

በረዶው ሲያፈገፍግ ለረጅም ጊዜ ተሸፍኖ የቆየ ዐለት ከአየርና ከውሃ ጋር ይገናኛል። በኮርዲዬራ ብላንካ አንዳንድ ቦታዎች ይህ ዐለት ፒራይት የተባለውን የብረትና የድኝ ውህድ ይይዛል። ፒራይት ከኦክስጅንና ከውሃ ጋር ሲገናኝ አሲድ ይፈጥራል፤ አሲዱም ብረትና ሌሎች ማዕድናትን ከዐለቱ አሟሙቶ ወደ ጅረቱ ያስገባል። የታወቀው ምሳሌ በፓስቶሩሪ ግግር በረዶ አካባቢ ነው፤ እዚያ የጅረቶች ድንጋዮች በብረት ዝገት ቀይ ቡናማ ሆነው ይታያሉ። በዚህ መንገድ የሚጎዳው ውሃ ማዕድን ማውጫ በሌለበት ሸለቆም ለመጠጥ፣ ለከብትና ለመስኖ የማይመች ሊሆን ይችላል። አንዳንድ የአካባቢው ማኅበረሰቦች ውሃውን በማጠራቀሚያ ገንዳዎችና ማዕድን በሚይዙ የረግረግ ዕፅዋት ውስጥ በማሳለፍ ለማጥራት ሞክረዋል።

## ውሃን ማጠራቀምና ችግሮቹ

የጠፋውን ጎተራ በሰው ሠራሽ ማጠራቀሚያ መተካት የመጀመሪያው ሐሳብ ነው። በረዶው ባፈገፈገበት ቦታ ብዙ ሐይቆች ስለተፈጠሩ ውሃ የሚቀመጥበት ቦታ ያለ ይመስላል። ይሁን እንጂ እነዚህን ሐይቆች የሚገድባቸው ብዙውን ጊዜ በረዶው ገፍቶ የተወው የላላ የድንጋይና የአፈር ክምር ነው። በታኅሣሥ 1941 (እ.ኤ.አ.) ከዋራዝ በላይ ያለው የፓልካኮቻ ሐይቅ እንዲህ ያለውን ግድብ ጥሶ ከከተማዋ ሰፊ ክፍል አጥፍቷል፤ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎችም ሞተዋል። ከዚያ በኋላ የፔሩ መሐንዲሶች በርካታ ሐይቆችን በዋሻና በቦይ አጉድለዋል። ለደኅንነት ሐይቁ ዝቅ ማለት አለበት፤ ለበጋ ውሃ ግን መሞላት አለበት። ሁለቱ ፍላጎቶች በአንድ ሐይቅ ላይ ይጋጫሉ።

የፓሮን ሐይቅ ታሪክ ይህን ያሳያል። በኮርዲዬራ ብላንካ ትልቁ የሆነው ይህ ሐይቅ የጎርፍ ሥጋቱን ለመቀነስ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በተቆፈረ ዋሻ አማካይነት እንዲጎድል ተደረገ። በኋላም የዋሻው መዝጊያ በካኞን ዴል ፓቶ ላለው ኃይል ማመንጫ ውሃ ለመልቀቅ አገለገለ። ማመንጫው ውሃ የሚፈልግበት ጊዜና ገበሬዎቹ የሚፈልጉበት ጊዜ አንድ አልነበረም፤ ድንገት የሚለቀቀው ብዙ ውሃም የመስኖ ቦዮችን ይጎዳ ነበር። በ2008 (እ.ኤ.አ.) የአካባቢው ነዋሪዎች የሐይቁን መቆጣጠሪያ ያዙ። ከዚያ ወዲህ ክርክሩ የዞረው በውሃው መጠን ላይ ብቻ ሳይሆን መዝጊያውን ማን፣ መቼ ይክፈተው በሚለው ላይ ነው።

## በሌሎች ተራሮች

በቦሊቪያ ለላ ፓዝና ለኤል አልቶ ከተሞች ውሃ በሚያቀርቡ ተፋሰሶች የተደረገ ጥናት፣ ከ1963 እስከ 2006 (እ.ኤ.አ.) ከዓመቱ ውሃ 15 በመቶ፣ ከደረቁ ወቅት ውሃ ደግሞ 27 በመቶ ያህሉ ከግግር በረዶ እንደመጣ አሳይቷል። በእነዚያ ዓመታት በረዶው እጅግ ቢመናመንም ፍሰቱ አልቀነሰም፤ የመቅለጡ መጨመር የስፋቱን መቀነስ አካክሶት ነበር። ከላ ፓዝ አቅራቢያ የነበረው የቻካልታያ ግግር በረዶ በ2009 (እ.ኤ.አ.) ፈጽሞ ጠፍቷል።

በምሥራቅ አፍሪካ ሁኔታው የተለየ ነው። የኪሊማንጃሮ በረዶ በጣም ትንሽ ከመሆኑም በላይ ብዙው በትነት ያልቃል። ከተራራው የሚወርዱት ምንጮችና ወንዞች በዋናነት የሚመገቡት በተራራው ወገብ ላይ ባለው ደን ከሚወርደው ዝናብና ከጉም እርጥበት ነው። ስለዚህ ከታች ላሉ ነዋሪዎች ውሃ የደኑ መመንጠር ከበረዶው መጥፋት የበለጠ ያሳስባል። የሩዌንዞሪ በረዶም ውሃው ወደ ነጭ ዓባይ ተፋሰስ ቢወርድም፣ ለዚያ ወንዝ ያለው ድርሻ እጅግ አነስተኛ ነው።

በኢትዮጵያ ዛሬ ግግር በረዶ የለም። በባሌና በሰሜን ተራሮች በበረዶው ዘመን ግግር በረዶ እንደነበረ የሚያሳዩ የድንጋይ ክምሮች አሉ። ዛሬ በራስ ደጀን አናት ላይ አልፎ አልፎ የሚታየው አመዳይ ግን ፈጥኖ ይቀልጣል። ስለዚህ የዓባይና የሌሎቹ ወንዞች የበጋ ፍሰት የሚመካው በዝናብ፣ በከርሰ ምድር ውሃ፣ በሐይቆችና በረግረጎች ላይ ነው። የሳንታ ወንዝ ሸለቆዎች በረዶው ካለቀ በኋላ የሚቀራቸውም እነዚሁ ናቸው።